የሌላ ድርጅት እቃ በኮሚሽን እየሸጣችሁ ነው? ሂሳቡ ላይ የእናንተ ገቢ ኮሚሽኑ ብቻ ነው፣ አመዘጋገቡም እንዲህ ነው

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያመርት ፋብሪካ አለ እንበል፣ 40 ምጣድ ሱቃችሁ አስቀመጠላችሁ። የአንዱ ዋጋ 6,000 ብር ነው፣ ዋጋውን የቆረጠው እሱ ነው፣ ከያንዳንዱ 10 ፐርሰንት ማለትም 600 ብር ለናንተ ይሰጣል፣ ያልተሸጠውን ደሞ መልሶ ይወስዳል። በጥቅምት 30 ሸጣችሁ፣ 180,000 ብር ገባ። የወሩ ሽያጫችሁ ስንት ነው ብትባሉ ብዙ ሰው 180,000 ይላል፣ ግን ገቢያችሁ 18,000 ነው፣ ቀሪው 162,000 ከመጀመሪያውም የናንተ ያልሆነ በእጃችሁ ያለፈ የሰው ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ ግን በርግጥ ኤጀንት መሆናችሁን አጣሩ፣ ውሉ ላይ "ወኪል" ስለተባለ ብቻ አይበቃም። ስለ ገቢ አመዘጋገብ የሚደነግገው አለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ አይኤፍአርኤስ 15 የሚጠይቀው ዋና ነገር እቃው ደንበኛው እጅ ከመግባቱ በፊት በማን ቁጥጥር ስር ነበር የሚለውን ነው። ይሄን ለማወቅ ሶስት ነገር እዩ፦ ምጣዱ ባይሰራ ደንበኛው ፊት ተጠያቂ ሆኖ የሚቀይርለት ማነው? እቃው ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው የማን ነው? ዋጋውንስ የሚወስነው ማነው? በኛ ምሳሌ የሶስቱም መልስ ፋብሪካው ነው፣ ስለዚህ እናንተ ኤጀንት ናችሁ። ብሩን ከደንበኛው የምትቀበሉት እናንተ መሆናችሁ ይሄን አይቀይረውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋር ነው፣ ብር በእጄ ስለገባ ሽያጩ የኔ ነው ይላል። በተቃራኒው ያንኑ ምጣድ በ5,400 ገዝታችሁ በፈለጋችሁት ዋጋ የምትሸጡ ከሆነና ባይሸጥ የምትከስሩት እናንተ ከሆናችሁ ያኔ ሙሉው ሽያጭ የናንተ ገቢ ነው፣ 5,400ው ደሞ የእቃው ወጪ ይሆናል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም አይነት ጎን ለጎን ሊኖር ስለሚችል ለያይታችሁ ያዙት።

ኤጀንት መሆናችሁ ከተረጋገጠ ወደ ምዝገባው እንሂድ። 40ው ምጣድ ሲገባ ሂሳብ መዝገብ ላይ ምንም አትመዝግቡ፣ ስቶክ ውስጥም አታስገቡት፣ ለፋብሪካውም በዚች ሰአት እዳ የለባችሁም። ግን ያለ ቁጥጥር ይቀመጥ ማለት አይደለም፣ ኤክሴል ላይ ወይ ደብተር ላይ የአደራ እቃ መከታተያ ክፈቱና የገባበትን ቀን፣ ብዛት፣ የተሸጠ፣ የተመለሰ፣ ቀሪ እያላችሁ ያዙ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ከራሳችሁ እቃ ጋር እንዳይደባለቅ ተጠንቀቁ፣ አንዴ ከተደባለቀ አመት መጨረሻ ላይ ስቶክ ስትቆጥሩ የሰው እቃ የናንተ ሀብት መስሎ ይወጣል።

ሲሸጥ እንዲህ ትመዘግባላችሁ፦

ዴቢት፦ ካሽ 180,000
ክሬዲት፦ ለፋብሪካው የሚከፈል 162,000
ክሬዲት፦ የኮሚሽን ገቢ 18,000

አለቀ፣ "ሽያጭ" የሚለውም "የተሸጠ እቃ ወጪ" የሚለውም አካውንት እዚ ውስጥ የለም። ኮሚሽኑ የሚመዘገበው እቃው ለደንበኛው በተሸጠበት ቀን ነው፣ ከፋብሪካው ጋር ሂሳብ እስክትተሳሰቡ አይጠበቅም። በወሩ መሀል 100,000 ብር ለፋብሪካው ብታስተላልፉ የሚከፈለውን ዴቢት፣ ባንክን ክሬዲት ታደርጋላችሁ፣ ገቢውንም ወጪውንም አይነካውም፣ እዳው ብቻ ወደ 62,000 ይወርዳል።

አሁን ደንበኛ አንዱን ምጣድ አልሰራልኝም ብሎ መለሰና 6,000 ብሩን ሰጣችሁት እንበል። ይሄ 6,000 የናንተ ወጪ አይደለም። ለፋብሪካው የሚከፈለውን 5,400 ዴቢት፣ የኮሚሽን ገቢን 600 ዴቢት፣ ካሽን 6,000 ክሬዲት አድርጉ፣ ማለትም የሽያጩን ምዝገባ ገልብጡት። ኮሚሽኑ 17,400 ይሆናል፣ እዳው 56,600፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ምጣድ ደሞ 11። ፋብሪካው ተመላሽ ቢሆንም ኮሚሽኑ አይነካም ብሎ ውል ከገባላችሁ ግን 600ዋን አትቀንሱም፣ ያኔ ከሚከፈለው ሙሉ 6,000 ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ ውሉን አንብቡ።

ከራሳችሁ ኪስ ቅናሽ ስታደርጉስ? ደንበኛው ተከራክሮ 5,800 ከፈለ፣ ፋብሪካው ግን አይመለከተኝም ብሎ 5,400ውን ይፈልጋል። እዳው ያው 5,400 ነው፣ የናንተ ኮሚሽን ወደ 400 ወረደ ማለት ነው፣ 600 ገቢ ብላችሁ 200ውን ሌላ ቦታ ወጪ አትበሉት። አንድ ምጣድ ከእጃችሁ ወድቆ ቢሰበርና ውሉ ክፈሉ ቢላችሁ ደሞ 5,400ው ኪሳራ ተብሎ በወጪ ይያዛል፣ እዳውም በዛው ልክ ይጨምራል። በራሳችሁ ጥፋት የተሰበረ እቃ መክፈላችሁ ብቻውን የእቃው ባለቤት አያደርጋችሁም።

ወር ሲያልቅ ሁለት ቦታ አስታርቁ። አንደኛ በእጅ ቁጠሩ፦ 40 ገብቶ 29 ከወጣ 11 መኖር አለበት፣ 10 ከሆነ ወይ ሳይመዘገብ የተሸጠ አለ ወይ ጠፍቷል። ሁለተኛ ብሩን፦ 29 በ5,400 ሲባዛ 156,600፣ ከዛ ላይ የተከፈለው 100,000 ሲቀነስ 56,600፣ ይሄ መዝገባችሁ ላይ ካለው እዳ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ከዛ ፋብሪካው የሚያውቀው ቁጥርም ይሄው መሆኑን በጽሁፍ ተፈራርማችሁ ያዙ። ልዩነት ከመጣ ብዙ ጊዜ ተመላሹን አንዱ ወገን ሳይመዘግበው ቀርቶ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ሰዎችን በጣም የሚያስቸግረው ግን ታክሱ ነው። ለምጣዱ የሚቆረጠው ደረሰኝ የማን ነው? ሽያጩ የፋብሪካው ስለሆነ የምጣዱ ቫትም የሱ ነው፣ እናንተ ግን በራሳችሁ ካሽ ሬጅስተር 6,000 እያላችሁ ከቆረጣችሁ ማሽኑ የሚያሳየው የናንተን ሽያጭ ነው፣ መዝገባችሁ 17,400 እያለ ማሽኑ ከመቶ ሺ በላይ ሲል ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚወጣ እቃው ከመግባቱ በፊት ውል ላይ ይጻፍ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ለፋብሪካው የምትቆርጡት የኮሚሽን ደረሰኝ ነው፦ 17,400፣ በላዩ 15 ፐርሰንት ቫት 2,610፣ ድምር 20,010። ያ 2,610 ለመንግስት የሚገባ ስለሆነ ገቢ ላይ አይደመርም። 10 ፐርሰንቱ ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውንም ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ዝም ከተባለ፣ በኋላ ቫቱ ከኮሚሽናችሁ ላይ ይወጣል።

ለፋብሪካው ብር የሚሆን የባንክ አካውንት ለብቻው ብትከፍቱ ጥሩ ነው። ኦዲተርም ሆነ ገቢዎች መጀመሪያ የሚያየው የባንክ ስቴትመንቱን ነው፣ እዛ ላይ 180,000 ገብቶ መዝገቡ ላይ ሩቡም የሌለ ገቢ ሲያይ ቀሪው የታለ ማለቱ አይቀርም። ውሉ፣ በየወሩ የተፈረመው የሂሳብ ማስታረቂያና ለፋብሪካው ያስተላለፋችሁበት የባንክ ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ ካለ ግን ሶስቱን ማሳየት ይበቃል። አመቱ ሲዘጋ ያላስተላለፋችሁት ብር ካለም የናንተ እዳ ሆኖ ይታይ፣ በኛ ምሳሌ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቢዘጋ 56,600ው እዳ ውስጥ፣ 17,400ው ገቢ ውስጥ ይገባል፣ 11ዱ ምጣድ ግን ሀብት ውስጥ የትም አይገባም።