የሽንት ኃይል ሲደክምና ሌሊት ደጋግሞ ሲያስነሳ፦ የሦስት ቀን የሽንት መዝገብ እንዴት ይያዛል? መቼስ መመርመር ያስፈልጋል?

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ብዙ ወንዶች ሽንታቸው እየቀጠነ ሲመጣና ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ከእንቅልፍ ሲያስነሳቸው፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ «የፕሮስቴት ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። የፕሮስቴት ዕጢ ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን ከቦ ስለሚገኝ፣ ከዕድሜ ጋር ሲያድግ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ስለዚህ ለሽንቱ መቅጠን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እርሱ ነው። ሌሊት መነሳት ግን በፕሮስቴት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ፊኛው በደንብ ባለመራገፉ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ሰው አለ፤ ፊኛው ደህና ሆኖ ሰውነቱ ሌሊት ብዙ ሽንት ስለሚያመርት የሚነሳም አለ። ሁለተኛው ሰው ለፕሮስቴት የታዘዘለትን መድኃኒት ለወራት ቢወስድም ሌሊቱ ብዙም አይሻሻልም። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ዋናው ነገር በቤት ውስጥ የሚያዝ የሽንት መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ፦ መዝገብ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለና ከእምብርት በታች ያለው ሆድ ተወጥሮ ካመመ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል፤ በቀጭን ቱቦ ካልተራገፈ በራሱ ይለቅቃል ብሎ መጠበቅ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ሽንት የሚያቃጥል ከሆነ፣ እንዲሁም በድንገት እግር ከደከመ ወይም በጭኖች መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። ሽንት ላይ ደም ከታየ ምንም ሕመም ባይኖረውና አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም በቅርብ ቀናት ውስጥ መመርመር ግዴታ ነው። ብዙዎች ከኀፍረት የተነሣ የማይናገሩት ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፦ ቀድሞ ያልነበረበት ሰው ተኝቶ ሳያውቀው አልጋው ላይ ሽንት ካመለጠው፣ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ይህንን ለሐኪም መደበቅ አይገባም።

መዝገቡን መያዝ

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ፣ የሚሊሊትር ምልክት ያለበት ሰፋ ያለ የፕላስቲክ መለኪያ ያዘጋጁ። ለሦስት ሙሉ ቀንና ሌሊት በሸኑ ቁጥር ሰዓቱንና መጠኑን ይጻፉ። የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የጠጡትን ነገር ከነመጠኑ ይመዝግቡ። በእነዚህ ቀናት አጠጣጥዎን አይቀይሩ፤ ለመዝገቡ ሲባል ውኃ የቀነሰ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የራሱን ልማድ አያሳይም።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ከመተኛትዎ በፊት የሸኑት የመጨረሻው ሽንት ከቀኑ ጋር ይቆጠራል። ጠዋት ሲነሡ የሚሸኑት የመጀመሪያው ሽንት ግን ሌሊት የተመረተ ስለሆነ ከሌሊቱ ጋር ይደመራል። ይህ ካልተደረገ የሌሊቱ ድርሻ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል።

አንድ ምሳሌ

ለማስረጃ ያህል የ68 ዓመት ሰው እናስብ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተው ንጋት 12 ሰዓት ይነሣሉ። ቀን አምስት ጊዜ ሸንተው 150፣ 180፣ 170፣ 150 እና 150 ሚሊሊትር መዝግበዋል፤ ድምሩ 800 ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥተው 250፣ 300 እና 280 ሸንተዋል፤ ጠዋት ሲነሡ ደግሞ 270፣ በድምሩ 1100 ሚሊሊትር። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከሸኑት 1900 ሚሊሊትር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሌሊት ነው ማለት ነው። ከ65 ዓመት በላይ በሆነ ሰው የሌሊቱ ድርሻ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ካለፈ፣ ሰውነቱ ሌሊት ከሚገባው በላይ ሽንት እያመረተ ነው ይባላል።

እኚህ ሰው በእያንዳንዱ የሌሊት ሽንት 250 ሚሊሊትርና ከዚያ በላይ ስለሚሸኑ፣ ፊኛቸው ሌሊት በቂ ሽንት መያዝ እንደሚችል መዝገቡ ያሳያል። ቀጣዩ ጥያቄ ያ ሁሉ ፈሳሽ ከየት መጣ የሚለው ነው። ማምሻውን ቁርጭምጭሚታቸው ካበጠ፣ ቀን በእግር የተጠራቀመው ውኃ ሲተኙ ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት ይወጣል። እብጠቱ ከልብ ድካም፣ ከኩላሊት ሕመም ወይም እንደ አምሎዲፒን ካለ የደም ግፊት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። አብዝቶ የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሰውም ሌሊት ብዙ ሽንት ሊያመርት ይችላል።

በአንጻሩ ቀንም ሌሊትም በየጊዜው 80 ወይም 100 ሚሊሊትር ብቻ የሚሸና፣ ለመጀመር የሚጠብቅ፣ የሚያምጥና ጨርሶ ሳለ ያልጨረሰ የሚመስለው ሰው ችግሩ መተላለፊያው ወይም ፊኛው ላይ ሊሆን ይችላል። የሃያ አራት ሰዓቱ ድምር ከ3 ሊትር ካለፈ ደግሞ ብዙ ከመጠጣት በተጨማሪ የስኳር ሕመም መታሰብ ስላለበት የደም ስኳር መለካት ያስፈልጋል።

እስከ ቀጠሮ ድረስ

ከመተኛትዎ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት መጠጥ ይቀንሱ፤ የቀኑን ውኃ ግን አይቁረጡ። እግር የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እግርን ከፍ አድርጎ ጋደም ማለት፣ ሌሊት የሚወጣው ፈሳሽ ቀደም ብሎ እንዲወጣ ይረዳል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱ ይቀየርልኝ ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አይቀይሩ። ሽንቱ የማይጨርስ ከመሰለዎት ጥቂት ቆይተው ድጋሚ ይሞክሩ። በተለይ የአፍንጫ መታፈንን ከሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችና እንቅልፍ ከሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ይጠንቀቁ፤ መተላለፊያው የጠበበበት ሰው እነዚህን ወስዶ ሽንቱ ጨርሶ ሊዘጋበት ይችላል።

ምርመራው ላይ

አስቸኳይ ምልክት ባይኖርም ሽንት መቅጠኑ ከቀጠለ ወይም ሌሊት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ መነሣቱ እንቅልፍ ከነሣ ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ሆድን ይነካል፤ ፕሮስቴትን በፊንጢጣ በኩል በጣት ይዳስሳል፤ ይህም ሳያሳፍር የሚያልፍ የአጭር ጊዜ ምርመራ ነው። ሽንት፣ የደም ስኳርና የኩላሊት ምርመራም ይታዘዛሉ። እኔ በጣም ጠቃሚ ብዬ የምቆጥረው ከሸኑ በኋላ በፊኛ ውስጥ የቀረውን ሽንት በአልትራሳውንድ መለካት ነው፤ ለዚህም አስቀድመው ሳይሸኑ፣ ፊኛዎ ሞልቶ ሳለ ይሂዱ። ብዙ ሽንት ከቀረ መተላለፊያው ጠቦ ወይም የፊኛው ጡንቻ ደክሞ ሊሆን ስለሚችልና ሁለቱ በምልክት ስለማይለዩ፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ቢገኝ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ የዕጢው ማደግም ሆነ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል የፕሮስቴት ካንሰር በመጀመሪያው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው፣ ሽንት ደህና መውረዱ ካንሰር አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ ምርመራው ለእርስዎ የሚያስገኘውን ጥቅምና ጉዳት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ፊናስቴራይድ የሚባለውን የፕሮስቴት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ከወራት በኋላ የፒኤስኤውን ቁጥር ወደ ግማሽ ያህል ስለሚቀንሰው፣ ይህን ያላወቀ ሐኪም ከፍ ያለውን ቁጥር ደህና አድርጎ ሊያነበው ይችላል።