ከየአገሩ የሚመጣ መልእክትን በአንድ አገር ሰዓት መመዝገብ፦ ጀርመን ለገባችሁ የባሕር ዳር ልጆች

ጀርመን ገብታችሁ ስልካችሁ ኔትወርክ እንደያዘ ሰዓቱ በራሱ ይቀየራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋትሳፕና ቴሌግራም ውስጥ ያለው መልእክት ሁሉ፣ ባሕር ዳር ሳላችሁ የተጻጻፋችሁት ጭምር፣ በጀርመን ሰዓት ይታያል። ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ በ08:00 የተቀበላችሁት የጥር ወር መልእክት አሁን 06:00 ይላል። የጠፋም የተበላሸም ነገር የለም። መተግበሪያው የሚያስቀምጠው ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነውን ሰዓት ነው፤ የሚያሳያችሁ ግን ስልካችሁ ያለበትን አገር ሰዓት ነው።

ይህ ለተራ ወሬ አያስቸግርም። አገር ቤት ያለውን የቤተሰቡን የዘጌ ጀልባ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ቀጠሮ በስልክ መያዛችሁን ከቀጠላችሁ ግን፣ ደንበኛው ዋሽንግተን፣ እህት ዱባይ፣ አጎት ባሕር ዳር ሆነው ማን መቼ ምን እንዳለ በትክክል መለየት ግድ ይሆናል። ቀብድ ከመነሻው በፊት ገባ ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ የመዝገብ ሰዓት ምረጡ። የኮምፒውተር ሰዎች ዩቲሲ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ይመርጣሉ። ለእናንተ ሥራ ግን የኢትዮጵያን ሰዓት እንመክራለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጀልባው የሚነሳው እዚያ ነው፣ ኢትዮጵያም በበጋና በክረምት ሰዓት አትቀይርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። የምትኖሩበትን የጀርመን ሰዓት መሠረት ካደረጋችሁ መዝገባችሁ ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይንሸራተታል። አጻጻፉም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሰዓትና ደቂቃ ይሁን፤ መጨረሻው ላይ `+03` ይጨመርበት፦ `2026-03-10 08:05 +03`። በዚህ መልክ የተጻፈ ሰዓት በፊደል ተራ ቢደረደርም በጊዜ ቅደም ተከተል ይወጣል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከአገር ቤት በሚመጣ መልእክት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ልዩነቶች አሉ፤ አንዱ የአገሮች የሰዓት ልዩነት ነው፣ ሌላው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር። አጎት «ጀልባው ጠዋት 2 ሰዓት ተነሥቷል» ሲል በመዝገቡ 08:00 ነው። የቀኑን ከ1 እስከ 11 ያለውን በ6 ጨምሩ፤ ጠዋት 12 ሰዓት 06:00፣ ማታ 12 ሰዓት ደግሞ 18:00 ነው፤ የማታውን ከ1 እስከ 5 ያለውን በ18 ጨምሩ፤ የሌሊቱን ከ6 እስከ 11 ያለውን በ6 ቀንሱና ቀኑን ወደሚቀጥለው አሳልፉ። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብዙውን ጊዜ በመዝገቡ ማክሰኞ 02:00 ነው። ተናጋሪው የትኛውን ሌሊት እንዳሰበ ከተጠራጠራችሁ «ለማክሰኞ አጥቢያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚህ በኋላ ብዥታ አይኖርም።

የስልካቸው ቋንቋ አማርኛ የሆነ ሰዎች የሚልኩት የስክሪን ፎቶ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ስልኩ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚለው ፈረንጆቹ ቀኑን በእኩለ ሌሊትና በእኩለ ቀን የሚከፍሉበትን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «2:10 ጥዋት» የሚለው የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ነው እንጂ ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 አይደለም። ማሽን የጻፈውን እንደ ፈረንጅ፣ ሰው የተናገረውን እንደ አበሻ አንብቡ። ዱባይና ሪያድ የሚሠሩ ዘመዶች ሁለቱን እየቀላቀሉ ስለሚናገሩ እነሱን «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አሁን አንድ ቀን እንሥራ። ማክሰኞ መጋቢት 1 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ማርች 10 ቀን 2026 ነው እንበል፤ እናንተ ፍራንክፈርት ናችሁ። አራት መልእክቶች አሏችሁ። ከዋሽንግተኑ ደንበኛ ኢሜይል መጥቷል፤ በጂሜይል `Show original` የሚለውን ስትከፍቱ እንዲህ ይላል፦

```
Date: Mon, 09 Mar 2026 18:40:00 -0400
```

አጎት በዋትሳፕ «ጀልባው 2 ሰዓት ተነሥቷል፣ የሁለተኛው ቡድን ቀብድ ግን አልገባም» ብሏል፤ ስልካችሁ ላይ 06:05 ይላል። እህት ከዱባይ ገንዘቡን የላከችበትን የስክሪን ፎቶ ልካለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት 09:12 ነው። ከዚያ አጎት እንደገና «ብሩ ገብቷል» ብሏል፤ ስልካችሁ ላይ 06:40።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ብትደረድሯቸው ብሩ 06:40 ገብቶ 09:12 ይላካል። ያልተላከ ገንዘብ ሊደርስ አይችልምና፣ መልስ ከጥያቄው ቀድሞ በታየ ጊዜ ሁሉ ከሰው በፊት ሰዓቱን ጠርጥሩ። ወደ መዝገቡ ለመለወጥ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ አንድ አምድ ላይ የታየውን ቀንና ሰዓት፣ ቀጥሎ ባለው ላይ የዚያን አገር ልዩነት ከዩቲሲ ጻፉ፦

```
=A2+(3-B2)/24
```

ለዋሽንግተን በዚያ ቀን -4፣ ለፍራንክፈርት 1፣ ለዱባይ 4 ይገባል። ውጤቱ ይህ ነው፦

```
2026-03-10 01:40 +03  ደንበኛ፣ ዋሽንግተን
2026-03-10 08:05 +03  አጎት፦ ቀብድ አልገባም
2026-03-10 08:12 +03  እህት፦ ተልኳል
2026-03-10 08:40 +03  አጎት፦ ገብቷል
```

«ሰኞ» ተብሎ የተጻፈው የደንበኛው ኢሜይል ባሕር ዳር ላይ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ከ40 ሆነ። አጎት ከነገረን በኋላ እህት በ7 ደቂቃ ልካለች፤ ብሩም ከ28 ደቂቃ በኋላ ገብቷል። ማንም አላጠፋም።

ጀልባው የተነሳበት 08:00 ግን ከአራቱ መስመሮች በአንዱም እንደሌለ ልብ በሉ። 08:05 መልእክቱ የተላከበት ነው፤ 08:00 ነገሩ የሆነበት። ለነዚህ ሁለት የተለያዩ አምዶች ያዙ። ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ አጎት የጻፈው ነገር ከረፈደ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ ያለው እሱ በቃሉ የተናገረው ሰዓት ነው።

ደንበኛው በኢሜይሉ «ነገ ጠዋት በ9 ደውሉልኝ» ብሏል። ነገ ያለው የራሱን ማክሰኞ ነው፣ 9 ያለውም በዋሽንግተን ሰዓት። ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት አብዛኛውን ዓመት 6 ሰዓት ይለያያሉና ከልማድ 15:00 ብትሉ አንድ ሰዓት ትዘገያላችሁ። አሜሪካ በ2026 ሰዓቷን ያስቀደመችው ማርች 8 ነው፤ አውሮፓ ግን እስከ ማርች 29 ትቆያለች። በመካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 5 ሰዓት ብቻ ስለሆነ መደወል ያለባችሁ 14:00 ላይ ነው፤ ባሕር ዳር 16:00፣ ማለትም ከቀኑ 10 ሰዓት። ይኸው ነገር በመጸው ይመለሳል፦ አውሮፓ ኦክቶበር 25 ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1። ያችም አንድ ሳምንት የ5 ሰዓት ናት። ኢትዮጵያና ዱባይ አይንቀሳቀሱም። ከማርች 29 እስከ ኦክቶበር 25 ፍራንክፈርት ከባሕር ዳር የሚለየው በ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ በ2። ስለዚህ ልዩነቱን በቃላችሁ አትያዙ፤ በእያንዳንዱ መስመር የዚያን ቀን ቁጥር ጻፉ። ኢሜይል ራሱ `-0400` ብሎ ስለሚነግራችሁ ከሁሉ የሚታመን እሱ ነው።

የዋትሳፕ ውይይት በሙሉ ማውጣት ስትፈልጉ፣ `Export chat` የሚያወጣው ፋይል የስልካችሁን ሰዓት ይጽፋል እንጂ የየት አገር እንደሆነ አይጽፍም። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት የስልኩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ ቀይሩ፤ ባሕር ዳር በስልኩ ዝርዝር ውስጥ ለብቻዋ ላትኖር ትችላለች፣ አገሩ በሙሉ ግን አንድ ሰዓት ነው። የምትቀይሩት ክልሉን ብቻ ነው፤ የሰዓቱን ቁጥር በእጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ አትግፉት። ቁጥሩን ከገፋችሁ ስልኩ እውነተኛውን ሰዓት ስለሚስት ከዚያ በኋላ የምታነሱት ፎቶ ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ይይዛል። ስልኩ «በአበሻ» እንዲያሳይ ብሎ 6 ሰዓት ወደኋላ የመለሰ ዘመድ ካላችሁ፣ ከእሱ የሚመጣ ፎቶ በውስጡ የያዘው ሰዓትም በዚያው ልክ የተዛባ ነው። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምታውቁትን አንድ መልእክት ፈልጋችሁ አመሳክሩ፤ ከዚያ ስልኩን መልሱ።

ፋይሉ ወደ ኤክሴል ሲገባ ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ቀኑ ሊበላሽ ይችላል። ከአሜሪካ ስልክ የወጣ `3/9/26` ማርች 9 ነው፤ በጀርመን የተስተካከለ ኮምፒውተር ግን ሴፕቴምበር 3 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ምልክቱ ይታያል፦ ቀኑ ከ12 የማይበልጠው ሁሉ ተለውጦ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ `3/13/26` ዓይነቱ ግን ፈረንጆቹ አስራ ሦስተኛ ወር ስለሌላቸው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ይቀራል። አምዱ ውስጥ ይህን ካያችሁ አስገብታችሁት የነበረውን ሰርዙና የቀኑን ቅደም ተከተል ራሳችሁ መርጣችሁ እንደገና አስገቡ። አንድ በአንድ ለማረም አትሞክሩ፤ ተሳስቶ የተለወጠው ከትክክለኛው አይለይም።

ስህተት መኖሩን አውቃችሁ ምንጩን ስታጡ የልዩነቱን መጠን እዩ። በትክክል 6 ሰዓት ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ተደባልቋል። 12 ከሆነ ቀንና ሌሊት ተገላብጧል። 1 ከሆነ አንዱ አገር ሰዓት የቀየረበትን ቀን ረስታችኋል፣ ወይም የዱባይን እንደ ባሕር ዳር ወስዳችኋል። ሙሉ ቀን ከሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተላከ መልእክት በዋዜማው ቀን ተጽፏል።

ቀጠሮ ስታረጋግጡ ሁለቱንም አቆጣጠርና የከተማውን ስም በአንድ መስመር ላኩ፦ «ማክሰኞ መጋቢት 15፣ ማርች 24፣ ባሕር ዳር ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 08:00፣ ከጀልባ መነሻው»። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ የዘጌ ጉዞ በጠዋት ቢጀመር ይሻላል፤ ለውጭ ደንበኛ «2» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ ግን 14:00 ላይ ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። «ነገ» እና «ዛሬ ማታ» የሚሉትን ለዋሽንግተን ሰው አትጻፉ፤ እሱ ሲያነበው ቀኑ ገና አልተለወጠ ይሆናል።