«ምርት ማሳደግ» ብቻውን ዓላማ አይሆንም፦ የሚለካ የፕሮጀክት ዓላማ እንዴት ይጻፋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ላለ አንድ ማኅበር ፕሮፖዛል ጻፍኩ። ዓላማው «የአርሶ አደሩን የስንዴ ምርት በ30 በመቶ ማሳደግ» ይላል። ቁጥር ስላለው የሚለካ መስሎኝ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገምጋሚው «ከስንት ተነስቶ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ዓላማ ስጽፍ በአምስት ጥያቄ እፈትነዋለሁ፦ ግልጽ ነው? ይለካል? ይቻላል? ተገቢ ነው? የጊዜ ገደብ አለው? የአሲዳማ መሬትን በኖራ ማከም ምሳሌ ይሁነን።

መጀመሪያ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚለወጥ ጻፉ። «60 አርሶ አደሮችን ስለ ኖራ ማሰልጠን» ደካማ ነው። እሱ ሥራ እንጂ ውጤት አይደለም። ሁሉም ሰልጥነው ኖራው መሬት ላይ ላይወድቅ ይችላል።

ቀጥሎ መለኪያው ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ገበሬውን «ስንት አገኘህ?» ብትሉት «ከሁለት ጥማድ አሥር ማዳበሪያ» ይላችኋል። ማዳበሪያ ያለው ጆንያውን ነው። አንዱ ጆንያ ከሌላው ጋር እኩል አይመዝንም፤ ጥማዱም እንደ ቦታው ይለያያል። ስለዚህ ከአጨዳ በፊት ማሳው ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ለኩ። ያንን ብቻ አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ መዝኑ። ከ16 ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ከወጣ፣ በሄክታር 18.75 ኩንታል ነው። ከተለያዩ ማሳዎች ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ። መነሻችሁ እሱ ነው። ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት ካልመዘናችሁ ኋላ አይገኝም፤ እኔን ያስያዘኝም ይኸው ነው።

ይቻላል ወይ? ስሌቱን በኖራው ሥሩ። የአፈር ምርመራው በሄክታር 30 ኩንታል ካዘዘ፣ 60 ሰው እያንዳንዱ ሩብ ሄክታር ቢያክም 450 ኩንታል ያስፈልጋል። መኪናውና ገንዘቡ ከሌለ ቁጥሩን ቀንሱ። ተገቢነቱ ቀላል ነው፦ ምርመራው አሲድ ካላሳየ ኖራ አትጻፉ።

ጊዜው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል ብሎ «እስከ ሰኔ 30» ይጽፋል። ያኔ ስንዴው ገና እየተዘራ ነው። ኖራውም ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ገደቡን ከውቂያ በኋላ አድርጉት።

ሲጠናቀቅ እንዲህ ይሆናል፦ «በጎዛምን ወረዳ በ2 ቀበሌዎች ሩብ ሄክታር መሬታቸውን በኖራ ያከሙ 60 አርሶ አደሮች አማካይ የስንዴ ምርት፣ በ2018 መኸር ከተመዘነው 18 ኩንታል በሄክታር፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ወደ 23 ኩንታል ያድጋል።»

ኖራ ያልነካውን የጎረቤት ማሳም አብራችሁ መዝኑ። ዝናቡ ባማረበት ዓመት እሱም ምርቱ ይጨምራል።