የእርግዝና ማቅለሽለሽን በባዶ ሆድ የሚያባብሱ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምርና በ9ኛው ገደማ ይብሳል፤ ብዙዎቹን ከ14ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል። መነሻው ረሃብ ሳይሆን ከእንግዴ ልጁ የሚመጡ ሆርሞኖች ናቸው። ባዶ ሆድ ግን ያባብሰዋል። ምግብ በሌለበት ጨጓራ ውስጥ አሲዱ የሚያርፍበት ስለሚያጣ ግድግዳውን ይቆጠቁጣል። በዚያ ላይ የነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሌሊቱን ሳትበላ ስታድር ከሌላው ሰው ቶሎ ይወርዳል፤ ይህም ድካምና መንቀጥቀጥ ያመጣል።

የመጀመሪያው ስህተት «ከበላሁ ያስመልሰኛል» ብሎ ሳይበሉ መቆየት ነው። አሳቡ የሚገባ ነው፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፒያሳ የምትኖርና ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ ነፍሰ ጡር እንውሰድ። ማታ 1 ሰዓት እራቷን በልታ 4 ሰዓት ትተኛለች። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሳ ስለሚያቅለሸልሻት ምንም ሳትቀምስ ትወጣለች፣ ታክሲ ተሰልፋ ትጠብቃለች፣ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብታ ማኪያቶ ታዛለች። እራቷን ከበላች 14 ሰዓት ሆኗታል። በባዶ ሆዷ ላይ የታክሲው መንገጫገጭና የናፍጣ ሽታ ተጨምሮበት ቢጫ ውሃ ብታስመልስ አይገርምም። ቢጫው ሐሞት ነው፤ ሆዷ ውስጥ ሌላ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ነው የመጣው።

የዚህችው ሴት ቀን በትንሽ ለውጥ ይቀላል። ልትተኛ ስትል፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ግማሽ ብርጭቆ ወተት ትውሰድ፤ ፕሮቲን ያለበት ምግብ ከሻይና ከብስኩት የበለጠ ጨጓራን ያረጋጋል። የጾም ምግብ የምትበላ ከሆነ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ጥቂት ኦቾሎኒ ይተካዋል። ዳቦ ቆሎ ወይም የደረቀ ዳቦ አልጋዋ አጠገብ ታስቀምጥ። 11 ሰዓት ከ40 ላይ ስትነቃ ከትራስዋ ቀና ብላ ጥቂት ታኝክና 20 ደቂቃ ያህል ቆይታ ቀስ ብላ ትነሳ። ሳትበላ የቆየችው አሁን 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁርስ ትንሽ፣ ቦርሳ ውስጥ ቆሎ፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ደግሞ ጥቂት ጥቂት። እስኪርባት መጠበቅ የለባትም፤ ረሃቡ ሲሰማት ማቅለሽለሹ አብሮት ደርሷል።

ሁለተኛው ስህተት እንደነቁ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንዴ መጠጣት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ባዶውን ጨጓራ በአንዴ ይወጥረዋል። ደረቁን ምግብ ቀድመው፣ ውሃውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው ጉንጭ ጉንጭ ያድርጉት። ቡናም በባዶ ሆድ አይመከርም፤ አሲዱን ይጨምራል።

ከጤና ጣቢያ የተሰጠዎትን የአይረን እንክብል በማለዳ፣ ሳይበሉ መዋጥስ? ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ምክንያት ነው፤ አይረን በራሱ ጨጓራን ይረብሻል። ማታ ከእራት በኋላ ወይም ሊተኙ ሲሉ ከምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ከሻይና ከቡና ግን ያርቁት፣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላሉና። ቢብስብዎ ራስዎ ከማቋረጥ የክትትል ባለሙያዎን ያማክሩ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል።

እንዲሁም በባዶ ሆድ ቁሌት ማብሰል። የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ለነፍሰ ጡር በጣም ይበረታል፤ በጠበበ ኮንዶሚኒየም ኩሽና ደግሞ መሄጃ የለውም። ቀድመው ጥቂት ይቅመሱ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ቢቻል ቁሌቱን ሌላ ሰው ያቁላላ። በዚህ ቤተሰብ ቢያግዝ መቅበጥ አይደለም።

የጾም ወቅት ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ለዚህ ችግር ከባድ ነው። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ማቅለያ አለ።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉንም «የእርግዝና ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ለ24 ሰዓት ምግብም ውሃም ሆድዎ ውስጥ አልቆይ ካለ፣ ሽንትዎ ካነሰና እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ሲቆሙ ካዞረዎት፣ ክብደትዎ ከቀነሰ ወይም ደም ካስመለሱ ዳቦ ቆሎ አይፈታውም። የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለም መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሰውነት ምግብ አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚያወጣው ኬቶን ካለ በሽንት ምርመራ ይታያል፣ ካስፈለገም ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል።