የአስር አለቃ ደምሴ ክላሽ፦ በልብ ወለድ የተኩስ ትዕይንት የሚታዩ ስህተቶችና መፍትሄያቸው

የሚከተለውን አንቀጽ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ሆን ብዬ ያበላሸሁትም ለማሳያ ነው። ሆኖም በረቂቅ ላይ ያሉ የጦርነት ልብ ወለዶችን የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ያየው ያህል ይሰማዋል።

«አስር አለቃ ደምሴ ክላሹን ወገቡ ላይ አድርጎ ለአምስት ደቂቃ ያለ ፋታ አርከፈከፈው። ጥይቱ ሲያልቅ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። በዐይን ጥቅሻ ካዝና ቀየረና ቀጠለ። ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ከቆመው ጠላት አንዱን ደረቱ ላይ ሲያገኘው፣ ሰውየው ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ። ከማዶ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ደምሴ ጎንበስ አለ፤ ጥይቷም በላዩ አለፈች። ‹ተጠንቀቅ› ሲል ጓደኛው በጆሮው አንሾካሾከለት።»

ችግር አንድ፦ ጥይት የማያልቅበት መሣሪያ

ምልክቱ «ለአምስት ደቂቃ ያለ ፋታ» የሚለው ሐረግ ነው። መንስኤው ደራሲው የትዕይንቱን ርዝመት በስሜቱ እንጂ በካዝናው አለመለካቱ ነው። ክላሽንኮቭ በአውቶማቲክ ሲተኩስ በደቂቃ 600 ያህል ጥይት የመትፋት ፍጥነት አለው፤ ይህም በሰከንድ አሥር ማለት ሲሆን፣ የተለመደው ካዝና የሚይዘው 30 ስለሆነ፣ ቃታው ተስቦ ከተያዘ በሦስት ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ደምሴ በእርግጥ አምስት ደቂቃ አርከፍክፎ ቢሆን ኖሮ 3,000 ጥይት፣ ማለትም አንድ መቶ ካዝና ያስፈልገው ነበር፤ የጥይቱ ክብደት ብቻ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። በመሣሪያው ላይ አንድ፣ በደረቱ ትጥቅ ደግሞ ሦስት ካዝና ይዟል ብንል፣ በእጁ ያለው 120 ጥይት፣ ያለ ፋታ ከተተኮሰም የአሥራ ሁለት ሰከንድ ተኩስ ነው።

መፍትሄው ከጽሑፉ ጎን በወረቀት ሒሳብ መያዝ ነው። ደምሴ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ጥይት እየለቀቀ፣ በመካከል እያነጣጠረና እየተጠለለ ከተዋጋ፣ ያው 120 ጥይት ለረጅም ትዕይንት ይበቃል። እንዲያውም ጥይቱ ማነሱ ለደራሲው ሲሳይ ነው፤ የመጨረሻውን ካዝና የነካ እጅ ከመቶ እሩምታ የበለጠ ያስጨንቃል።

ችግር ሁለት፦ በዐይን ጥቅሻ የሚጎርስ ጠመንጃ

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ተደርቧል፤ አንደኛው ሦስቱ «ቀጭ» ነው። የክላሽ የመጨረሻ ጥይት ሲወጣ ማቀባበያው ወደ ፊት ተመልሶ ጥይት በሚጎርስበት ባዶ ክፍል ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ ተኳሹ ማለቁን የሚያውቀው ቃታውን ስቦ አንዲት ደረቅ «ቀጭ» ሲሰማ ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና እስኪያቀባብል ድረስ ቃታውን ቢስበው ምንም አይሰማም፤ መዶሻው ወድቋልና። ማካሮቭን በመሰሉ ሽጉጦች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ የላይኛው አካል ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቀራል፣ ባለቤቱም ሳይሰማ በዐይኑ ያየዋል። የመሣሪያውን ዓይነት ሳያውቁ «ቀጭ» ብሎ መጻፍ የሚያጋልጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ደምሴ ከቃታው ፊት ለፊት ያለችውን መልቀቂያ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ካዝናውን ወደ ፊት አዙሮ ያወጣል፤ አዲሱን ከትጥቁ ይመዝዛል፤ የፊተኛውን ጫፍ መጀመሪያ አያይዞ ኋላውን እስኪቆለፍ ይስበዋል፤ በመጨረሻም በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ እስከ ኋላ ጎትቶ ይለቀዋል። የለመደ ሰው ይህን በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን የፊቱን ጫፍ ሳያያይዝ ኋላውን ይገፋል፣ ካዝናውም አይቆለፍም። በልብ ወለድ ውስጥ እንዲህ ያለች ቅጽበት ወርቅ ናት። ካዝናው ሳያልቅ ቀድሞ ከቀየረ ግን አንድ ጥይት ክፍሉ ውስጥ ስላለ ማቀባበል አያስፈልገውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ በሽታ አለ፤ ገጸ ባሕርዩ ለማስፈራራት በየንግግሩ መሀል ያቀባብላል። ጥይት የጎረሰ ክላሽ በድጋሚ ሲቀባበል፣ ያልተተኮሰው ጥይት በቀኝ በኩል ዘልሎ መሬት ላይ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ የሚያስፈራራ ሰው ቢያንስ ሁለት ጥይት ከእግሩ ሥር መልቀም አለበት።

ዘመኑም ይታሰብ። የአርበኞችን ዘመን የሚጽፍ ሰው ውጅግራን እንደ ክላሽ ማስተኮስ አይችልም፤ ውጅግራ ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ በባሩዱም ነጭ ጭስ ተኳሹን የሚያጋልጥ መሣሪያ ነው።

ችግር ሦስት፦ ተወርውሮ የሚወድቀው ሟች

ከፊልም የተወረሰ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት የሚሄድበትን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ጥይቱ ሟቹን የሚገፋበት ኃይል ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ከሚመታበት ሊበልጥ አይችልም። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ሲሆን ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 715 ሜትር ነው፤ ይህ ሁሉ ግፊት 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ቢተላለፍ፣ የሚሰጠው ፍጥነት በሰከንድ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በ300 ሜትር ርቀት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። የተመታ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ባለበት ይቀመጣል፣ አንዳንዱም መመታቱን ሳያውቅ ጥቂት ይሮጣል።

ግፊቱ ሥራውን የሚሠራው በተኳሹ ላይ ነው። በአውቶማቲክ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ስለሚያመልጥ፣ ከወገብ ከተለቀቀ እሩምታ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ዒላማው አካባቢ ቢሄድም ተከታዮቹ ሰማይ ይመታሉ። ደምሴ ከወገቡ ተኩሶ በ300 ሜትር ሰው ከመታ ዕድል እንጂ ችሎታ አይደለም።

ችግር አራት፦ ከጥይቱ የሚቀድም ድምፅ

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የክላሽ ጥይት 300 ሜትሩን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ሲጨርስ፣ የተኩሱ ድምፅ የሚደርሰው በ0.9 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ደምሴ መጀመሪያ የሚሰማው በአጠገቡ የሚያልፈውን የሰላ ጅራፍ መሰል ጩኸት ሲሆን፣ የመሣሪያው ድምፅ ቆይቶ ከማዶ ይመጣል። ጎንበስ የሚለውም ካለፈው ጥይት በኋላ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጥይት ያለው ማካሮቭ ግን ይህን ጅራፍ አያሰማም። ሹክሹክታውን በተመለከተ ደግሞ፣ ያለ ጆሮ መከላከያ አንድ ካዝና የተኮሰ ሰው ጆሮው ይጮኽበታል እንጂ ሹክሹክታ አይለይም።

አንቀጹ ሲታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ደምሴ ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ ሁለት ለቀቀ፤ ጠበቀና ሁለት ደገመ። ከማዶ አንዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀረ። አንዳች ነገር ከጆሮው አጠገብ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ ተኩሱ የተሰማው ፊቱን ድንጋዩ ላይ ከለጠፈ በኋላ ነበር። ቃታውን ሳበ፤ ቀጭ። ካዝናውን አውጥቶ አዲሱን ሲገፋ አልያዘለትም። እንደገና ገፋው። ጓደኛው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየ፤ የሚለው ግን አልተሰማውም። ጓደኛው የደምሴን ትከሻ ጨምድዶ ይዞ፣ በሌላ እጁ ወደ ግራ ጠቆመው።»