የሳንቲምን ዕድል በቤታ ስርጭት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኬሪክ እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ዴንማርክን ስትይዝ እዚያው በመገኘቱ ታስሮ ነበር፤ በእስር በቆየበት ጊዜም አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ እየወረወረ ውጤቱን መዘገበ። ከመጀመሪያዎቹ 10 ውርወራዎች 4ቱ፣ ከ100ው 44ቱ፣ ከ1,000ው 502ቱ፣ ከ10,000ው ደግሞ 5,067ቱ ዘውድ ሆኑ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ በእነዚህ አራት ቁጥሮች ላይ በግልጽ ስለሚታዩ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገኝም።

የስሌቱ መነሻ ቀላል ነው። ዘውድ የመውጣቱን ዕድል p እንበለው። ሳንቲሙን ከመወርወራችን በፊት ስለ p ያለንን ቅድመ እምነት Beta(a, b) በሚባለው ስርጭት እንገልጻለን፤ የስርጭቱ አማካይም a/(a+b) ነው። h ጊዜ ዘውድ፣ t ጊዜ ጎፈር ከወጣ በኋላ ድኅረ እምነታችን Beta(a+h, b+t) ይሆናል። መደመር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ምን ከምን ጋር እንደሚደመር ሳያጣራ ሲቀር ነው።

በጎፈር ፋንታ የውርወራዎቹን ጠቅላላ ብዛት መደመር

በBeta(2, 2) ጀምረን የመጀመሪያዎቹን 10 ውርወራዎች ስናስገባ ዘውዱ 4፣ ጎፈሩ 6 ስለሆነ ትክክለኛው ውጤት Beta(6, 8)፣ አማካዩም 0.429 ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ቁጥር ላይ 6ን ሳይሆን 10ን የሚደምሩ አሉ፤ ያን ጊዜ Beta(6, 12) ይወጣና አማካዩ ወደ 0.333 ይወርዳል። ከተመዘገበው 0.4 በታች፣ ከቅድመ እምነቱ 0.5ም በታች መሆኑ ስህተቱን ያጋልጣል፤ ምክንያቱም የድኅረ እምነት አማካይ ሁልጊዜ በቅድመ እምነቱ አማካይ እና በተመዘገበው ድርሻ መካከል ያርፋል። ከሁለቱ ውጭ ከወጣ ስሌቱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ተጠራቅሞ የተመዘገበን ቁጥር እንደ አዲስ መረጃ ማስገባት

ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በአማካዩ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ሳይታወቅ ያልፋል። የኬሪክ ቁጥሮች ድምር ናቸው፤ በ44ቱ ዘውዶች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 4ቱ አሉበት። ስለዚህ ከBeta(6, 8) ተነሥተን ወደ 100ኛው ውርወራ ስንሄድ የምንጨምረው የ90ዎቹን አዳዲስ ውርወራዎች ውጤት፣ ማለትም 40 ዘውድ እና 50 ጎፈር ብቻ ነው። Beta(46, 58) እናገኛለን፤ አማካዩ 0.442 ነው። በጥድፊያ 44 እና 56ን የደመረ ሰው ግን Beta(50, 64) ላይ ይደርሳል፤ አማካዩ 0.439 ስለሚሆን ምንም የተለየ ነገር አይታየውም። በዚሁ ስህተት እስከ 10,000ኛው ውርወራ ከቀጠለ የመጀመሪያዎቹን 10 ውርወራዎች አራት ጊዜ ይቆጥራቸዋል።

ማረጋገጫው የሁለቱን ቁጥሮች ድምር ማየት ነው። ትክክለኛው የመጨረሻ ውጤት Beta(5069, 4935) ሲሆን ድምሩ 10,004 ነው፤ ይኸውም ቅድመ እምነቱ ያዋጣው 4 እና 10,000ው ውርወራ ነው። በስህተቱ መንገድ የሄደው ሰው ድምሩ 11,114 ይሆንበታል፤ ያልተካሄዱ 1,110 ውርወራዎች ተጨምረውበታል ማለት ነው። ውጤቱን ካየ በኋላ ቅድመ እምነቱን ወደታየው ድርሻ አስጠግቶ የሚያስተካክል ሰውም በሌላ መልክ ያንኑ ስህተት ይፈጽማል፤ መረጃውን አንድ ጊዜ ቅድመ እምነቱን ለመምረጥ፣ ሌላ ጊዜ ለማደስ ተጠቅሞበታልና።

ቅድመ እምነትን በአማካዩ ብቻ መምረጥ

Beta(2, 2) እና Beta(50, 50) አማካያቸው እኩል 0.5 ነው፤ ነገር ግን የሚናገሩት ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው 95 በመቶ እምነቱን ከ0.09 እስከ 0.91 ድረስ ሲዘረጋ፣ ሁለተኛው ከ0.40 እስከ 0.60 ገደማ ይሰበስበዋል። የa እና የb ድምር የእምነቱ ክብደት ነው፤ Beta(50, 50) ያለው ሰው በአእምሮው 100 ውርወራ ያህል መረጃ ይዞ ይጀምራል። በዚህ የተነሣ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውርወራዎች በኋላ አንዱ 0.429፣ ሌላው 0.491 ላይ ይደርሳል፤ ከ100 በኋላ 0.442 እና 0.470 ይሆናሉ። ከ10,000 በኋላ ግን 0.5067 እና 0.5066 ስለሚሆኑ ልዩነቱ ትርጉም አይኖረውም።

ብዙዎች ደካማውን ቅድመ እምነት ከአድልዎ ነጻ አድርገው ይመርጡታል። እኔ አልስማማም። ከኪስ ለወጣ ተራ ሳንቲም Beta(2, 2)ን መምረጥ፣ ከአምስት ውርወራ አንድ ጊዜ ብቻ ዘውድ የሚያወጣ ሳንቲም ቢያጋጥመኝ አይደንቀኝም ከማለት አይተናነስም፤ ተራ ሳንቲም በእጅ ተወርውሮ እንዲህ እንደማይሆን ደግሞ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነና 350,757 ውርወራዎችን ያካተተ ጥናት ሳንቲም ከመወርወሩ በፊት ወደ ላይ በነበረው ገጹ የማረፍ ዕድሉ 50.8 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ የታየው መዛነፍ እንኳ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ከዚሁ ጋር p የሳንቲሙ ብቻ ሳይሆን የአወራወሩም ባሕርይ መሆኑን እንረዳለን፤ መነሻው ገጽ ሁልጊዜ ዘውድ ከሆነ የምንለካው ሌላ ነገር ነው።

«ሳንቲሙ ሚዛናዊ ነውን?» የሚለውን ጥያቄ ከቤታ ስርጭቱ በቀጥታ መመለስ

የመጨረሻው እምነታችን Beta(5069, 4935) አማካዩ 0.5067፣ መደበኛ ልይይቱ 0.005 ገደማ ስለሆነ 95 በመቶው ከ0.497 እስከ 0.516 ባለው ክልል ውስጥ ያርፋል። p ከ0.5 የመብለጡ ዕድልም 91 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ሳንቲሙ ወደ ዘውድ ያደላ ለመሆኑ 91 በመቶ እርግጠኞች ነን» የሚል ሰው የቅድመ እምነቱን አንድ ጠባይ ዘንግቷል። ማንኛውም የቤታ ስርጭት ያልተቆራረጠ ስለሆነ p በትክክል 0.5 ለመሆኑ የሚሰጠው ዕድል ዜሮ ነው። ከመጀመሪያው ዜሮ የተሰጠውን ነገር ደግሞ ምንም ያህል መረጃ ቢመጣ ሊያነሣው አይችልም። 91 በመቶው የሚነግረን ሳንቲሙ ያደላ ከሆነ ወደየት እንደሚያደላ ብቻ ነው።

ጥያቄው በእርግጥ ስለ ሚዛናዊነት ከሆነ ቅድመ እምነቱ ራሱ ሁለት ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ ግማሹን እምነት «p በትክክል 0.5 ነው» ለሚለው፣ ሌላውን ግማሽ በBeta(2, 2) ለተገለጸው አማራጭ እንስጥ። ከዚያም 5,067 ዘውድ የመውጣቱን ዕድል በሁለቱም አንጻር እናስላ። በሚዛናዊ ሳንቲም ይህ ዕድል 0.00325 ገደማ ነው፤ በአማራጩ ደግሞ 0.00015 ገደማ ነው። መረጃው ሚዛናዊነትን 22 እጥፍ ያህል ይደግፋል፤ ለሚዛናዊነት የሰጠነው 50 በመቶም ወደ 96 በመቶ ገደማ ያድጋል። አንድ ዓይነት 10,000 ውርወራ፣ ጥያቄው ሲለወጥ፣ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚያመለክት ይመስላል።

ይህ 22 ግን የአማራጩን ክብደት ተከትሎ ይለዋወጣል። በBeta(2, 2) ፋንታ Beta(50, 50) ብንወስድ አማራጩ ራሱ በ0.5 ዙሪያ ስለሚሰበሰብ ድጋፉ ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። ቀደም ሲል 10,000 ውርወራ የቅድመ እምነቱን ልዩነት አጠፋው ያልነው p ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ነበር፤ ለዚህኛው ጥያቄ ግን ልዩነቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ውጤቱን የሚያቀርብ ሰው የትኛውን አማራጭ እንደተጠቀመ ከቁጥሩ ጎን መጻፍ አለበት።