ፊትና ጀርባ የተጻፈበትን ሰነድ በፊደር ስካን አድርጎ አንድ ፒዲኤፍ ማድረግ

የአክስቴ የቤት ሽያጭ ውል ከነአባሪው 14 ቅጠል ነው። ፊትና ጀርባ ታትሞ 27 ገጽ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ባዶ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጇ «ቶሎ በኢሜይል ላኩልኝ፣ ግን አንድ ፋይል ይሁን» አለ። ቤት ያለው ፕሪንተር ስካነርም ኮፒም አለው፤ ከላይ ወረቀት የሚጎትት ፊደር አለው። ችግሩ ፊደሩ የሚያነበው አንድ ጎን ብቻ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ የቤትና የትናንሽ ቢሮ ማሽኖች እንደዚሁ ናቸው። የእናንተ ሁለቱንም ጎን ባንዴ የሚያነብ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሶፍትዌሩ ላይ Duplex የሚለውን መርጣችሁ ግማሹን ጽሑፍ ዝለሉት።

መጀመሪያ ወረቀቱን አዘጋጁ። የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ አንድ ሳይቀር ይውጣ፤ የቀረ ሽቦ መስታወቱን ይጭራል። ሽቦ የነበረበት ጥግ ላይ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አላቁ። ከዚያ ክምሩን በአውራ ጣት እንደ ካርታ አርገብግቡና ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ይህችን ሥራ አትናቋት፤ እኔ ንቄያት ምን እንደደረሰብኝ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የተቀዳደደ፣ የተለጠፈበት ወይም ስስ አሮጌ ወረቀት ፊደር ውስጥ አይግባ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ወይም የቤት ካርታ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ ክዳኑን ከፍታችሁ መስታወቱ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ቅጠሎቹን ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉት። የእኔ 14 ነበር።

ፊደሩ ላይ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ የምታሳይ ትንሽ ሥዕል አለች። መስመሮቹ የሚታዩበት ወረቀት ከተሣለ ጽሑፉ ወደ ላይ ነው፤ ብዙ ማሽን እንዲህ ነው፤ እኔም ከዚህ በታች የምናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። የወረቀቱን ራስ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እስኪነካ ግፉትና የጎኖቹን መያዣዎች ሳታጠብቁ ወረቀቱን አስነኩ። ከለቀቃችኋቸው ገጹ ይጣመማል።

ሶፍትዌርን በተመለከተ እኔ የምጠቀመው NAPS2 የሚባለውን ነው፤ ነጻ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው Windows Fax and Scan ገጾቹን ፒዲኤፍ ሳይሆን ምስል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 27 ምስል ከላኩ በኋላ «አንድ ፋይል ነበር ያልኩት» መባል ደስ አይልም። NAPS2 ላይ አዲስ ፕሮፋይል ስትከፍቱ Paper source የሚለው ላይ Feeder ምረጡ። ጥራቱን ለንባብ ብቻ ከሆነ 200፣ ደቃቅ ጽሑፍ ካለበት 300 አድርጉት። ከዚያ በላይ ፋይሉን ማሳበጥ ነው። ማህተምና ፊርማ ካለበት ቀለሙን አትተዉ፤ ጥቁርና ነጭ የሆነ ማህተም ኮፒ ነው የሚመስለው።

ባዶ ገጽ ዝለል የሚል አማራጭ ካያችሁ አትንኩት። ምክንያቱ አሁን ይመጣል።

ስካን በሉ። የፊት ገጾቹ በሙሉ ይገባሉ፦ 1፣ 3፣ 5 እያለ እስከ 27። እዚህ ጋ ቁሙ። ስክሪኑ ላይ ያለው የምስል ብዛት ከጻፋችሁት የቅጠል ብዛት ጋር እኩል ነው? እኔ ይህን አላየሁም። ፊደሩ አራተኛውንና አምስተኛውን ቅጠል አጣብቆ ባንዴ ጎትቷቸው ነበር። ስለዚህ ገጽ 9 ሳይነበብ አለፈ፤ የተገኘው 13 ምስል ነው። በሁለተኛው ዙር ጀርባዎቹ 14ቱም ገቡ፤ ባዶዋም ጭምር። 13 እና 14 ሲደመር 27! ውሉም 27 ገጽ ነው። ደስ ብሎኝ ሳልከፍተው ላክሁት።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ምነው፣ ገጽ 9 የለም እኮ! ደግሞ ከ8 ቀጥሎ 11 ነው፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 12...» አንዲት ቅጠል ስትጎድል ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ይዛነፋል። ባዶ ገጽ ዝለል የሚለውም ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ከመሃል አንድ ጀርባ ባዶ ቢሆንና ቢዘለል የፊቱና የጀርባው ቁጥር አይገጥምም። ባዶዎቹን መጨረሻ ላይ በእጅ ማጥፋት ይሻላል። የጎደለ ካለ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ሳትጀምሩ ያንን ገጽ ብቻ እንደገና አስገቡና ምስሉን በማውስ ጎትታችሁ ቦታው ላይ አድርጉት፤ ቅጠሉንም ክምሩ ውስጥ ወደ ቦታው መልሱት።

ቀጥሎ ያለው ሰው የሚምታታበት ቦታ ነው። አንብበው የወጡት ቅጠሎች ከታች ተደፍተው ተከምረዋል። ገጽ 1 ከሥር ሆኖ መሬት መሬት ያያል፤ ከላይ የሚታያችሁ የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ከገጽ 2 ልጀምር» ብሎ ክምሩን አንድ በአንድ መልሶ ይደረድራል። አያስፈልግም። ክምሩን እንደወጣ አንሱት፤ አትገልብጡት፤ ቅደም ተከተሉንም አትንኩ። ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሰሃን ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩት፤ የወረቀቱ ራስ እንደ መጀመሪያው ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው። ይህን ብትረሱም ጀርባዎቹ ተዘቅዝቀው ይገባሉ እንጂ አይጠፉም፤ ሶፍትዌሩ ላይ ማቅናት ይቻላል።

ስካን ስትሉ ጀርባዎቹ ከኋላ ወደ ፊት ይመጣሉ፦ 28፣ 26፣ 24 እያለ እስከ 2። አትደንግጡ። አሁንም ቁጠሩ፤ በጠቅላላው 28 ምስል መሆን አለበት። ከዚያ Reorder የሚለውን ከፍታችሁ Alternate Interleave ን ተጫኑ። ፊቶቹንና ከኋላ የመጡትን ጀርባዎች አሰባጥሮ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ያደርጋቸዋል። ከጎኑ Interleave ብቻ የሚል አለ፤ እሱ ጀርባዎቹ ከ2 ጀምረው በተራ ለገቡ ነው። ተሳስታችሁ እሱን ከተጫናችሁ ገጽ 1 ቀጥሎ ገጽ 28 ታያላችሁ።

ባዶዋን 28ኛ አጥፉና Save PDF በሉ።

በየገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ካያችሁ ስካነሩ ተበላሸ ብላችሁ ጥገና ቤት አትሂዱ። ያንኑ ወረቀት በትልቁ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ስካን አድርጉት። መስመሩ ከጠፋ ጥፋቱ የፊደሩ ነው። ፊደር ሲሠራ ወረቀቱ ነው የሚሄደው፤ አንባቢው ዓይን በትልቁ መስታወት ጠርዝ ባለች ጠባብ መስታወት ሥር ቆሞ ይጠብቃል። እዚያች ላይ ያረፈች አንዲት ነጥብ፣ የማጥፊያ ነጭ ቀለም ቅንጣትም ትሁን ሙጫ፣ ወረቀቱ በላይዋ ሲያልፍ ገጹን ሙሉ መስመር ትሆናለች። ክዳኑን ክፈቱ፣ ጠባቧን መስታወት በጥቂት ውኃ በረጠበና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ። ውኃውን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አታፍስሱ። የደረቀ ነጥብ በዓይን አይታይም፤ በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ግን ይሻክራል። በጥፍር ቀስ ብላችሁ አንሱት።

ሲያልቅ ፋይሉን ክፈቱና የገጽ ቁጥሮቹን እያያችሁ እስከ መጨረሻው ውረዱ። እኔ አሁን የአክስቴን ልጅ ስልክ ላለመስማት ስል ሁለቴ እወርዳለሁ።